የሳምንቱ የመመሪያና የሰርኩላር ማጠቃለያ በባንክ ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባንክ የኮምፕሊያንስ ክፍል ለሚሠሩ፣ በተለይ ደግሞ ሳምንታዊውን ማጠቃለያ እንዲያዘጋጁ ለተመደቡ ባልደረቦች ነው። ጥያቄዎቹ ሥራውን አዲስ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ማጠቃለያው በትክክል ምንድን ነው?

በሳምንቱ ውስጥ ከተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ወደ ባንኩ የገቡትን መመሪያዎች፣ ሰርኩላሮችና ደብዳቤዎች አንድ ላይ የሚያሳይ አጭር ሰነድ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከብሔራዊ ባንክ ነው። ከፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት፣ ከገቢዎች ሚኒስቴር፣ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም ይመጣል። አንዳንድ ሳምንት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዲስ አዋጅ ይጨመርበታል።

ዋናው አንባቢ የኮምፕሊያንስ ኃላፊው ነው። ከፍቶ ሲያነብ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት። ምን ተለወጠ? ባንኩ ውስጥ ማን ምን ያድርግ? እስከ መቼ?

ብዙ ሰው ማጠቃለል ሲባል የረዘመውን ማሳጠር ብቻ ይመስለዋል። አሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ ወደ አንድ አንቀጽ ወረደ እንበል። አንቀጹ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ካልመለሰ ኃላፊው ተመልሶ ዋናውን ከገጽ አንድ ያነባል። እንዲያውም ሥራው በአንድ አንቀጽ ጨመረበት።

የሚገባው ሁሉ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይቆያል?

አይቆይም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበትም ይኸው ነው። ሦስት ዓይነት ወረቀት የዕለቱን ዕለት ይሄዳል።

አንደኛው የሂሳብ እግድ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው የማዕቀብ ስም ዝርዝር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ዝርዝር ላይ ስም ሲጨመር፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ማጠብ መከላከያ ግብረ ኃይል እግዱ «ሳይዘገይ» እንዲፈጸም ይጠይቃል። ሳይዘገይ ሲል የሚያስበው በሰዓታት ነው። ዓርብን የሚጠብቅ ማጠቃለያ ለዚህ አይሆንም። ሦስተኛው ቀነ ገደቡ ከሁለት ሳምንት በታች የቀረው ማንኛውም ሰርኩላር ነው። የሁለት ሳምንቱን ልክ ያወጣነው እኛው ነን። ሥራው ቅርንጫፎችን የሚነካ ከሆነ ከዚያ ባነሰ ጊዜ መረጃ ሰብስቦ፣ አጣርቶ፣ አስፈርሞ መላክ ያስቸግራል።

እነዚህ ሦስቱ በአስቸኳይ ማስታወሻ ይሄዳሉ። በማጠቃለያው ላይ ግን ይመዘገባሉ። መቼ ገባ፣ መቼ ተጣራ፣ ውጤቱ ምን ሆነ የሚለው ብቻ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። የእግድ ደብዳቤ ላይ ያለ የደንበኛ ስም ማጠቃለያው ላይ አይገባም። ማጠቃለያው ለብዙ ክፍሎች ይደርሳል። ጥርጣሬ ወይም ምርመራ ያለበት ደንበኛ ወሬው እንዲደርሰው ማድረግ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ «ከፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት አንድ ደብዳቤ ገብቷል፤ በዕለቱ ተፈጽሟል» ተብሎ የደብዳቤው ቁጥር ይጻፋል። ዝርዝሩ ማየት ከሚገባቸው ሰዎች ጋር ይቀራል።

የመጣው ወረቀት ሁሉ እኩል ክብደት አለው?

የለውም። አዋጅ አለ፣ ደንብ አለ፣ መመሪያ አለ፣ ከዚያ በታች መመሪያውን የሚያብራራ ሰርኩላርና ለአንድ ባንክ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። እያንዳንዱ ነጥብ ፊት ላይ የሰነዱ ዓይነት ይጻፍ። ኃላፊው ነገሩን ለቦርድ ወይም ለሥራ አመራር ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ከየት የመጣ ግዴታ ነው?» ተብሎ ነው።

መመሪያ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ነገር እዩ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያዎች እንዲመዘገቡና በድረ ገጽ እንዲጫኑ ይጠይቃል። ምዝገባው ዛሬ በፍትሕ ሚኒስቴር ነው የሚካሄደው። ስለዚህ የምዝገባ ቁጥሩን ፈልጉና ከመመሪያው ቁጥር ጎን ጻፉት። ካጣችሁት «የምዝገባ ቁጥር አልተገኘም» ብላችሁ ለሕግ ክፍል አሳውቁ። ይህን የምንለው መመሪያውን ላለመፈጸም ምክንያት ለመፈለግ አይደለም። ዝግጅቱ ይቀጥል። ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ላይ ክርክር ቢነሳ ግን መረጃው በእጃችሁ ይኑር።

ረቂቅ መመሪያ ደግሞ ለብቻው ነው። ባንኮች አስተያየት እንዲሰጡበት የተላከ ረቂቅ ከጸደቀው ጋር አንድ ገጽ ላይ ከተቀላቀለ አደጋ ነው። አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ረቂቁን እንደ ሕግ ይዞ ደንበኛ ሊመልስ ይችላል። ረቂቆችን ማጠቃለያው መጨረሻ ላይ፣ በራሳቸው ርዕስ ሥር፣ አስተያየት ከሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ጋር አስቀምጡ። እያንዳንዱ መስመር ላይም «ረቂቅ» የሚለው ይደገም፤ ምክንያቱም ሰው መስመሩን ብቻ ቆርጦ ለሌላ ሰው ይልካል።

ዋናው ሳይደርሰን በቴሌግራም ያየነውንስ?

በስልክ ፎቶ የተነሳ ሰርኩላር ከመዝገብ ቤት ቀድሞ መድረሱ የተለመደ ነው። ይጠቅማል፤ ቀድሞ ያነቃል። ነገር ግን ከፎቶው ማጠቃለያ አይጻፍም። ገጽ ይጎድለዋል። አባሪ ቅጹ አይነሳም። ለሌላ ባንክ የተጻፈ ደብዳቤም ሊሆን ይችላል፤ የተቀባዩ ስም ያለበት የላይኛው ክፍል ተቆርጦ ከቀረ አታውቁትም።

የምናደርገው ቀላል ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ቁጥርና ቀን እንይዛለን፣ ወደ መዝገብ ቤት እንደውላለን፣ እዚያ ከሌለ ወደ ላኪው መሥሪያ ቤት በይፋ እንጠይቃለን። እስከዚያ ማጠቃለያው ላይ «ዋናው እየተጠበቀ ያለ» በሚል ርዕስ ሥር ቁጥሩን ብቻ እናሰፍራለን። ይዘቱን አንጽፍም።

በጣም የሚጎዳው ስህተት የትኛው ነው?

ግዴታውን ይዞ ወሰኑን መጣል። ማን ላይ፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከማን በስተቀር የሚሉት ቃላት ሲያሳጥሩ መጀመሪያ የሚወድቁ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ያለ እነሱም ሙሉ ስለሚመስል የጎደለው አይታይም።

የፋይዳን ጉዳይ አስታውሱ። ብሔራዊ ባንክ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያን ለባንክ ደንበኞች ግዴታ ያደረገው ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በአዲስ አበባ አዲስ ሂሳብ ለሚከፍቱ ነበር፤ የተጀመረውም ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሌሎች ከተሞች የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ነባር ደንበኞች ደግሞ የራሳቸው ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

አሁን ይህን «የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆነ» ብለን በአንድ መስመር ጻፍነው እንበል። ቦሌ ላለ ቅርንጫፍ ትክክል ነው። ደብረ ታቦር ላለ ቅርንጫፍ በዚያ ቀን ትክክል አይደለም። እዚያ ያለው ሠራተኛ መስመሩን አምኖ ቀበሌ መታወቂያ የያዘ ገበሬ ቢመልስ፣ ገበሬው ያለ ሕግ ተንገላታ ማለት ነው። ሌላው ሠራተኛ ደግሞ «ነባር» እና «አዲስ» ተለይቶ ስላልተጻፈለት ገንዘብ ሊያወጣ የመጣውን የቆየ ደንበኛ ፋይዳ አምጣ ይለዋል። ሁለቱም ጥፋተኛ አይደሉም። የተላከላቸው ማጠቃለያ ነው ያሳሳታቸው።

ስለዚህ ደረጃ ያለው ግዴታ በአንድ መስመር አይጻፍም። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ መስመር ስጡት፤ ቦታው፣ የደንበኛው ዓይነትና ቀኑ አብረው ይቀመጡ። ቦታ ከጠበባችሁ ሌላ ነገር ቁረጡ። የመግቢያውን ሐተታ፣ «የዘርፉን ጤናማነት ለማረጋገጥ» የሚለውን ቁረጡ። «በስተቀር» የሚለውን አትንኩ።

ስህተቱን ለማግኘት አንድ መንገድ አለ። ዋናውን ሰነድ ይዛችሁ «በስተቀር»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «ሳይጨምር»፣ «ብቻ»፣ «እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚሉትን በቀለም አስምሩ። የእንግሊዝኛ ሰነድ ከሆነም አቻዎቻቸውን። ከዚያ ማጠቃለያችሁ ውስጥ እያንዳንዱ የት እንደገባ አሳዩ። ያልገባ ካለ ሆን ብላችሁ ነው የተዋችሁት ወይስ አምልጧችሁ? ይህን ካልመለሳችሁ ነጥቡ አላለቀም።

አንድ ሰርኩላር ከገቢ እስከ ማጠቃለያ እንዴት እንደሚሄድ አሳዩን?

እሺ። ይህ ሰርኩላር ለማሳያ የፈጠርነው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰነድ አልወጣም። አሠራሩ ግን የዕለት ተዕለት ነው።

አምስት ገጽ ሰርኩላር ስለ ደንበኛ አቤቱታ ሪፖርት መጣ። የተጻፈው ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ባንኩ መዝገብ ቤት የደረሰው ጳጉሜን 3 ቀን፣ ሰኞ ነው። ገጽ አንድ ሙሉው መግቢያ ነው። ገጽ ሁለት ባንኮች በአዲስ ቅጽ ሪፖርት እንዲያደርጉ ያዛል። ገጽ ሦስት ኤቲኤም ገንዘብ ሳይሰጥ ከሂሳብ የቀነሰባቸው አቤቱታዎች ለብቻ እንዲቆጠሩ ይላል። ገጽ አራት ግርጌ ላይ አንድ አጭር አንቀጽ አለች፤ «በወኪሎች በኩል የቀረቡና እስካሁን ያልተቋጩ አቤቱታዎችም ይካተታሉ» ትላለች። ገጽ አምስት የመጀመሪያው ሪፖርት «ይህ ሰርኩላር ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ» እንዲላክ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ቀኑን እናውጣ። የተጻፈበትን ቀን ሳንቆጥር ከነሐሴ አራት ቀን ይቀራል። ጳጉሜን በ2017 አምስት ቀን ናት። ዘጠኝ ሆነ። የቀረው ስድስት ከመስከረም ነው። ስለዚህ መጨረሻው መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜንን ዘሎ ከነሐሴ 30 ወደ መስከረም 1 የተሻገረ ሰው መስከረም 11 ይጽፋል። ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን የቆጠረ ደግሞ መስከረም 13 ይጽፋል። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ወጣ። ሁለቱ ባንኩን ያዘገዩታል። የተጻፈበትን ቀን እንደ አንድ የሚቆጥር ተቆጣጣሪ ቢኖር ደግሞ መስከረም 5 ይሆናል። ሲያጠራጥር የቅርቡን እንወስዳለን።

የኢትዮጵያውን ቀን ካወጣችሁ በኋላ በፈረንጆቹም አስሉት፤ ማረጋገጫ ይሆናል። ነሐሴ 26 ሴፕቴምበር 1 ነው። 15 ሲጨመርበት ሴፕቴምበር 16። እሱም መስከረም 6 ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ አንድ ቦታ ጳጉሜን ጠፍታለች ማለት ነው። በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን እንደምትሆንም አትርሱ። ሰነዱ «የሥራ ቀናት» የሚል ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ መስከረም ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ፣ እሑድም አይቆጠርም። በ«ቀናት» እና በ«የሥራ ቀናት» መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ከሰነዱ ላይ እንዳለ ይገለበጥ።

ሰነዱ የደረሰው ጳጉሜን 3 ነው። እስከ መስከረም 6 ስምንት ቀን ነው የቀረው፤ መሃል ላይ አዲስ ዓመት አለ። ዓርብ መስከረም 2 የሚወጣውን ማጠቃለያ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሰኞውን በአስቸኳይ ማስታወሻ ሄደ። ዓርብ ላይ ማጠቃለያው ውስጥ እንዲህ ሆኖ ገባ፦

ጉዳዩ፦ የደንበኛ አቤቱታ ሪፖርት (ሰርኩላር፤ ጳጉሜን 3 በአስቸኳይ ማስታወሻ የተላከ)።

ምን ተለወጠ፦ ሪፖርቱ በአዲስ ቅጽ ይሆናል። የኤቲኤም አቤቱታ ለብቻ ይቆጠራል። በወኪል በኩል የመጡና ያልተቋጩ አቤቱታዎች አሁን ይገባሉ፤ በፊት አይገቡም ነበር።

ማን ምን ያደርጋል፦ ቅርንጫፎች ያላቸውን እስከ መስከረም 2 ይልካሉ። የዲጂታል ባንኪንግ ክፍል የኤቲኤሙንና የወኪሉን ይለያል። ኮምፕሊያንስ አጠናቅሮ መስከረም 5 ይልካል።

የመጨረሻ ቀን፦ መስከረም 6 ቀን 2018 (ከተጻፈበት ቀን የተቆጠረ)።

የሚሰረዘው፦ የቀድሞው ቅጽ። ከውስጥ መመሪያ ደብተራችን ይወጣል።

ያልጠራ፦ «ያልተቋጨ» ሲባል ከስንት ጊዜ በፊት የቀረበውን ይጨምራል? ጳጉሜን 4 በደብዳቤ ተጠይቋል።

ዋናው ላይ፦ ገጽ 2 እስከ 5።

አምስት ገጽ ወደዚህ ወረደ። ብዙ ቦታ የወሰደችው ገጽ አራት ግርጌ ያለችው አንቀጽ መሆኗን ልብ በሉ። ገጽ አንድ ምንም ቦታ አላገኘም። ሰነዱ ውስጥ የያዘው ቦታ ስፋት የሚፈጥረውን ሥራ ብዛት አያሳይም። በተለምዶ ከባዱ ነገር «ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች» እና «የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች» ውስጥ ስለሚሆን እኛ ማንበብ የምንጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው።

«ያልጠራ» የሚለውን መስመር ለምን ታስቀምጣላችሁ? ኃላፊው መልስ አይደል የሚፈልገው?

መልስ ይፈልጋል፤ የተገመተ መልስ ግን አይፈልግም። ሰነዱ ዝም ያለበትን ቦታ አዘጋጁ በራሱ ግምት ከሞላው ማጠቃለያው ላይ ግምቱና ሕጉ አይለዩም። ከስድስት ወር በኋላ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ሲል የሚመልስ አይገኝም። ያልጠራው ነገር በግልጽ ሲጻፍ ግን ኃላፊው ሁለት ምርጫ ያገኛል። ወይ ጥብቁን ትርጉም ይዞ ይሠራል፣ ወይ በጽሑፍ ይጠይቃል። በስልክ የተገኘ ማብራሪያም ማን መቼ እንዳለው ይመዝገብ፤ ግን «በቃል የተሰጠ» ተብሎ ነው።

ሰፊ መመሪያ ሲመጣ፣ ብዙ የቀድሞ መመሪያ ሲሻር ምን እናድርግ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ፣ FXD/01/2024፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ ቀን የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። ባንኮች የውጭ ምንዛሪን ለብሔራዊ ባንክ የማስረከብ ግዴታቸው ቀረ። ላኪዎች ካገኙት ገንዘብ ግማሹን ይዘው እንዲቆዩ ተፈቀደ። ቀድሞ ወደ አገር እንዳይገቡ የተከለከሉ 38 የዕቃ ዓይነቶች ተፈቀዱ። በርካታ የቀድሞ መመሪያዎችም ተሻሩ።

እንዲህ ያለ ሰነድ ሳምንታዊ ማጠቃለያ ውስጥ አይበቃም። ማጠቃለያው ላይ ሦስት መስመር ይሰጠውና ለብቻው አባሪ ይዘጋጅለታል። አባሪው በክፍል ይከፋፈላል፤ የዓለም አቀፍ ባንክ አገልግሎት፣ የግምጃ ቤት ክፍል፣ ቅርንጫፎች፣ የሲስተም ክፍል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ገጽ ብቻ ቢያነብ ሥራውን ማወቅ አለበት።

ሰው የሚዘነጋው ግን የተሻሩትን ነው። አዲሱን ሁሉም ያነባል። የተሻረው መመሪያ ግን በባንኩ ውስጥ በየቦታው ተሰራጭቶ ይኖራል። በአሠራር ማንዋል ውስጥ ተጠቅሷል። ደንበኛ የሚፈርምበት ቅጽ ግርጌ ላይ ቁጥሩ አለ። ሲስተሙ ውስጥ በመቶኛ ገብቷል። ስለዚህ የመሻሪያውን አንቀጽ ወስዳችሁ የተሻሩትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ዘርዝሩ፤ ከጎናቸው «እኛ ጋ የት አለ?» የሚል ዓምድ ክፈቱ። ዓምዱን የሚሞሉት ክፍሎቹ ናቸው። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ያ ክፍል ገና አልፈለገም ማለት ነው።

ሌላው ከባድ ነገር በተሻረው መመሪያ ላይ ተንጠልጥለው የወጡ ሰርኩላሮች ናቸው። መመሪያው ሲሻር እነሱ አብረው ቀሩ ወይስ አሉ? አንዳንድ ጊዜ አዲሱ መመሪያ ራሱ ይናገራል። ካልተናገረ «ያልጠራ» ውስጥ ይግባና ለተቆጣጣሪው በጽሑፍ ይቅረብ። በራሳችን «ይህ የለም» አንልም።

እኛን የማይመለከተንስ? እንተወው?

አትተዉት። አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ግን ምክንያቱ ይጻፍ። «ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት የወጣ ነው፤ ባንኩን አይመለከትም።» በዚህ አለቀ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚፈልገው ማስረጃ ሰነዱ እንደታየና እንደታሰበበት ነው። ሳይጠቀስ የቀረ ሰነድ ካልታየ ሰነድ አይለይም።

ሲጻፍ ግን ቸኩላችሁ አይደለም። ባንኩ ድርሻ ያለው ድርጅት፣ ወኪል ወይም ገንዘቡን የሚያስቀምጥ ደንበኛ በዚያ ሰርኩላር ሊነካ ይችላል። «አይመለከተንም» ከማለታችሁ በፊት አድራሻውን ብቻ ሳይሆን የትርጓሜ አንቀጹን አንብቡ።

ያመለጠን ነገር እንዳለ በምን እናውቃለን?

በቆጠራ። መዝገብ ቤቱ በሳምንቱ ከተቆጣጣሪዎች የተቀበለው ደብዳቤ 23 ከሆነ ማጠቃለያውም 23 ማሳየት አለበት፤ የተጠቃለለ፣ በአስቸኳይ የሄደ፣ የማይመለከተን፣ ረቂቅ፣ ዋናው የሚጠበቅ። ድምሩ 22 ከመጣ አንድ ወረቀት የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ ወይም ለአንድ ክፍል በስም የተላከ ደብዳቤ ሆኖ ነው።

ቆጠራው የሚያሳየው ግን የገባውን ብቻ ነው። ጭራሽ ያልደረሰን ለማግኘት የተከታታይ ቁጥሮችን ተመልከቱ። ከአንድ ዳይሬክቶሬት የመጡ ሰርኩላሮች ቁጥር 4 ከዚያ 6 ከሆነ 5 የት ሄደ? ምናልባት ለሌላ ዓይነት ተቋም የወጣ ይሆናል። ጠይቆ ማረጋገጥ አንድ ስልክ ነው። የብሔራዊ ባንክን ድረ ገጽም በየሳምንቱ፣ ማጠቃለያው ከመውጣቱ በፊት፣ የሚያይ ሰው በስም ይመደብ።

ማን ያረጋግጠው?

ያልጻፈው ሰው። አረጋጋጩ ማጠቃለያውን አንብቦ «ጥሩ ነው» ማለቱ አይበቃም። ዋናውን መጀመሪያ ያንብብ፣ በራሱ ቀኑንና የሚመለከተውን ክፍል ይጻፍ፣ ከዚያ ከማጠቃለያው ጋር ያመሳክር። ማጠቃለያውን ቀድሞ ካነበበ ዋናውን የሚያነበው በዚያ ዓይን ነው፤ የጎደለውን አያይም። ጊዜ ካጠረ ሁሉንም ሳይሆን ቀነ ገደብ ያላቸውን ብቻ በዚህ መንገድ ያረጋግጥ።

ስንት ገጽ ይሁን?

ሁለት ገጽ እንመኛለን። ጭር ያለ ሳምንት ግማሽ ገጽ ይሆናል፤ አትሙሉት። ሰኔና ሐምሌ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሊረዝም ይችላል። ቀነ ገደብ ያለው ከላይ፣ ለዕውቀት ብቻ የሆነው ከታች ይሁን።

ማጠቃለያውን ካነበብኩ ዋናውን መተው እችላለሁ?

«ማን ምን ያደርጋል» የሚለው ላይ የክፍላችሁ ስም ካለ አትችሉም። የተጠቀሱትን ገጾች አንብቡ፤ ገጹ የተጻፈው ለዚህ ነው። ስማችሁ ከሌለ ማጠቃለያው ይበቃችኋል።

በወጣ ማጠቃለያ ላይ ስህተት ቢገኝ ወይም ጉዳዩ ቢለወጥ?

የድሮውን ፋይል ከፍታችሁ አታርሙ። ሰው የመጀመሪያውን አትሞ ወይም ለሌላ ልኮ ይሆናል። ማረሚያው በሚቀጥለው ማጠቃለያ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይወጣል፤ የነበረው ምን ይል እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሆነ፣ በዚያ መሃል የተሠራ ሥራ መታየት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ይገልጻል። ቀነ ገደብ የሚነካ ከሆነ ዓርብን አይጠብቅም።

የተለወጠ ጉዳይ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግበታል። የብድር ዕድገት ጣሪያውን ውሰዱ። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ታኅሣሥ 2017 ላይ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። የድሮ ማጠቃለያዎችን «የብድር ጣሪያ» ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የ2015ቱን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ሲገባ አሮጌው መስመር ጎን «ተተክቷል» ተብሎ፣ የተተካበት ማጠቃለያ ቁጥርና ቀን ይጻፋል። የአሮጌው መስመር ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቆያል፤ በ2016 የበጀት ዓመት የተሰጠ ብድር ሲመረመር የሚፈለገው በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ቁጥር ነው።